የሰብመርሲብል ሞተርና የኬብሉ የሜገር ንባብ፦ ከሐምሌ እስከ ጥር የተያዘ የሥራ ማስታወሻ

ማስታወሻው የሚመለከተው በምዕራብ ጎጃም ከፍኖተ ሰላም ወጣ ብሎ ያለን አንድ ጥልቅ የውሃ ጉድጓድ ነው። በውስጡ 22 ኪሎዋት፣ 380 ቮልት፣ በስታር ዴልታ የሚነሳ ሰብመርሲብል ሞተር አለ። ፓምፑ 72 ሜትር ላይ ተንጠልጥሏል፤ የያዙት እያንዳንዳቸው 6 ሜትር የሆኑ 12 የብረት ቱቦዎች ናቸው። ከሞተሩ ሁለት ጠፍጣፋ ኬብሎች ይወጣሉ፤ እያንዳንዳቸው ሦስት ባለ 10 ካሬ ሚሊ ሽቦ የያዙ ናቸው። የጉድጓዱ ውሃ ፓምፑ ሲያርፍ 28 ሜትር ላይ ይቆማል፣ ሲሠራ ደግሞ እስከ 46 ሜትር ይወርዳል። እነዚህን ሁለት የውሃ ልኮች አንባቢ ይያዛቸው፤ ኋላ ብልሽቱ የት እንዳለ የነገሩን እነሱ ናቸው።

ሐምሌ 9 ቀን 2016 ዓ.ም.

የሽቦዎቹ ኢንሱሌሽን ከረንት ወደ ኧርዝ እንዳይፈስ ምን ያህል እንደሚከለክል በሚለካው ሜገር መነሻ ንባብ ተወሰደ። አንድ ንባብ ብቻውን ብዙ አይናገርም፤ ከወር በኋላ የሚመጣው ንባብ ከዚህ ጋር እንዲመዛዘን ግን አወሳሰዱ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት መሆን አለበት። ስለዚህ አካሄዱን ከቁጥሩ ቀድመን እንጽፋለን።

ሰዓቱ ጠዋት 12 ሰዓት ነው፤ ፓምፑ ሌሊቱን አርፎ ያደረበት፣ የሞተሩ ሙቀት ከጉድጓዱ ውሃ ጋር የተስተካከለበት። ዋናው ብሬከር ተዘግቶ ይቆለፋል፤ ኃይል አለመኖሩም በቴስተር ይረጋገጣል። ከዚያ ስድስቱም የሞተር ሽቦዎች ከኮንታክተሮቹና ከኦቨርሎዱ ላይ ይፈታሉ። ሳይፈቱ መለካት ሁለት ጉዳት አለው። አንደኛ፣ የፓኔሉ አቧራና እርጥበት ከሞተሩ ጋር አብሮ ይለካል። ሁለተኛ፣ የሜገሩ 500 ቮልት የፌዝ መቆጣጠሪያውንና የውሃ ልክ ሪሌውን ያቃጥላል። የመብረቅ መከላከያ ከሞተሩ መስመር ጋር ታስሮ ከሆነ እሱም መፈታት አለበት፤ አለዚያ በሙከራው ቮልቴጅ ትንሽ ስለሚያስተላልፍ ደህናውን ሞተር የታመመ ያስመስላል።

ሜገሩ ራሱ አስቀድሞ ይፈተሻል፤ ጫፎቹ ሲለያዩ ከልኩ በላይ፣ ሲነካኩ ዜሮ ማንበብ አለበት። ቮልቴጁ 500 ዲሲ ነው፤ ለ380 ቮልት ሞተር ከዚህ መብለጥ አያስፈልገውም። አንዱ ጥቅል ሲለካ ሌሎቹ ሁለቱ ከኧርዝ ጋር ይታሰራሉ፤ ኧርዙ የሚያዘው ከፓኔሉ አካል ላይ ሳይሆን ከጉድጓዱ አፍ ቱቦ ላይ፣ ቀለሙ ተፍቆ ብረቱ በወጣበት ቦታ ነው። ንባቡ የሚመዘገበው ልክ በ60ኛው ሰከንድ ነው። የ15ኛው ሰከንድም አብሮ ይጻፋል፤ ለምን እንደሚጠቅም በኅዳር ይታያል። ሲጨረስ ጥቅሉ ቢያንስ ቻርጅ የተደረገበትን ጊዜ አራት እጥፍ ከኧርዝ ጋር ታስሮ ይቆያል። ይህ ለሠራተኛው ደኅንነትም ለቀጣዩ ንባብም ነው፤ ቻርጅ ያልወጣለት ኬብል የሚቀጥለውን ቁጥር ያዛባል።

የሐምሌው ንባብ፣ ሦስቱ የሞተሩ ጥቅሎች ዩ፣ ቪ እና ደብሊው ተብለው ሲጠሩ፦ ዩ 340፣ ቪ 360፣ ደብሊው 350 ሜጋ ኦም። ስታር ዴልታ መሆኑ እዚህ ትልቅ ጥቅም አለው። በሦስት ሽቦ ብቻ በሚወጣ ሞተር ጥቅሎቹ ውስጥ ውስጡን የተገናኙ ስለሆኑ በየትኛውም ሽቦ ቢለካ ያው አንድ ቁጥር ይመጣል። በስድስት ሽቦ ግን እያንዳንዱ ጥቅል ከነኬብሉ ለብቻው ይለካል፣ አንዱም ለሌላው መመዘኛ ይሆናል።

ነሐሴ 14

ዩ 38፣ ቪ 45፣ ደብሊው 41። ከባለፈው ወር ወደ አንድ ዘጠነኛ ወርዷል።

እንዲህ ያለ ቁጥር ሲመጣ ሞተሩን ከመጠርጠር በፊት የሚጠየቀው ሦስቱ አብረው ወረዱ ወይስ አንዱ ብቻ የሚለው ነው። ሦስቱም በአንድ ጊዜ፣ በአንድ መጠን ሲወርዱ ምክንያቱ ሦስቱም የሚጋሩት ነገር ነው። በክረምት ደግሞ በመጀመሪያ የሚታየው የኬብሉ ጫፍ ነው። የጉድጓዱ አፍ መገናኛ ሳጥን ሲከፈት ክዳኑ ከውስጥ አልቦት ነበር፤ በተርሚናሎቹ መካከል ያለው አቧራም እርጥብ ነበር። እርጥብ አቧራ በኬብሉ ጫፍ ላይ ከመዳቡ ወደ ኧርዝ የራሱን መንገድ ይከፍታል፤ ሜገሩም ያንን መንገድ ከሞተሩ ኢንሱሌሽን ለይቶ አያይም።

ሽቦዎቹ ከተርሚናሉ ተፈትተው ጫፋቸው በንጹሕ ጨርቅና በአልኮል ተጠረገ፣ በአየር ላይ ተለያይተው ደረቁ። እንደገና ሲለካ ዩ 330፣ ቪ 355፣ ደብሊው 345 መጣ። ሞተሩ ላይ ምንም አልነበረም።

ጫፉን ማድረቅ በማይቻልበት ዝናባማ ጠዋት የሜገሩ ሦስተኛ መውጫ፣ ጋርድ የሚባለው፣ ያንኑ ሥራ ይሠራል። በኬብሉ ጫፍ በሽቦው ኢንሱሌሽን ላይ ባዶ ቀጭን መዳብ ሁለት ሦስት ዙር ይጠመጠምና ከጋርዱ ጋር ይገናኛል። በላዩ የሚፈሰው ከረንት በመለኪያው ሳያልፍ ወደ ጋርዱ ይመለሳል፤ የሚነበበው በኢንሱሌሽኑ ውስጥ የሚያልፈው ብቻ ይሆናል። በጋርድና ያለ ጋርድ የተለካው ልዩነቱ ሰፊ ከሆነ ችግሩ ላይ ላዩን ነው። ሁለቱም ዝቅ ካሉ ግን ችግሩ ወደታች ነው።

ሳጥኑ ከሥሩ የኬብል መግቢያ ጎማ አልነበረውም። ገብቶለታል፤ ከታችም ላብ የሚወጣበት ትንሽ ቀዳዳ ተበጅቷል።

መስከረም 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ዩ 335፣ ቪ 350፣ ደብሊው 300። የጫፍ ጽዳት ተደርጓል፣ ጋርድ ታስሯል። ደብሊው በ13 በመቶ ገደማ ወርዷል፤ በዚህ ልኬት እንዲህ ያለ ልዩነት ከንባብ ወደ ንባብ የሚያጋጥም ስለሆነ ምንም አልተወሰነም። ግን ተሰምሮበታል።

ጥቅምት 18

ዩ 340፣ ቪ 355፣ ደብሊው 190።

አሁን ነገሩ የተለየ ነው። የሁለቱ ጥቅሎች ንባብ ከሐምሌ ጀምሮ ወዲህና ወዲያ ሲል ከ5 በመቶ አልዘለለም። ስለዚህ የአየር ሁኔታው፣ ሜገሩና የእጃችን አወሳሰድ ደህና ናቸው፤ የሚወርደው ደብሊው ለብቻው ነው። ሞተሩ በእድሜ ወይም ውሃ ቀስ እያለ እየዘለቀው ቢሆን ኖሮ ሦስቱም አብረው ያዘነብሉ ነበር። አንዱ ብቻ ሲወርድ የሚያመለክተው አንድ ቦታ ላይ ያለ ጉዳትን ነው፦ የተፋቀ ኬብል፣ የላላ ጆይንት፣ ወይም በሞተሩ ውስጥ አንድ ቦታ የተጎዳ ሽቦ።

የመጀመሪያዎቹ ወራት ጉዳት ለምን ቀስ ብሎ እንደሚታይ ማወቅ ያስፈልጋል። ደህናው ኢንሱሌሽን 350 ነው፤ ጉዳቱ ከጎኑ እንደ ሁለተኛ መንገድ ይታሰራል። ጉዳቱ ለብቻው 2000 ሜጋ ኦም በነበረበት ጊዜ ሜገሩ የሚያነበው 300 አካባቢ ነው፣ ማንም አያስተውለውም። ጉዳቱ 400 ሲደርስ ንባቡ ወደ 190 ይወርዳል። ከዚያ በታች ግን ንባቡ ራሱ ጉዳቱ ነው ማለት ይቻላል። በሌላ አነጋገር ንባቡ በግማሽ ሲወርድ ጉዳቱ የጀመረው ቀደም ብሎ ነው።

በዚሁ ቀን መሬት ላይ ያለው የመግፊያ ፓምፕ ሞተርም ተለክቷል፤ 15 ኪሎዋት፣ በአየር የሚቀዘቅዝ። 11 ሜጋ ኦም አነበበ፤ በመስከረም 96 ነበር። ሞተሩ ሊሞት ነው የሚል ሐሳብ የሚመጣው እዚህ ነው፤ ግን ያለ ሙቀት መጠን ሁለቱ ቁጥሮች አይወዳደሩም። በመስከረም የተለካው ሌሊት አርፎ፣ ጥቅሉ 18 ዲግሪ ላይ ሳለ ነበር፤ አሁን የተለካው ከሥራ እንደቆመ፣ 48 ዲግሪ ላይ ነው። ለእንዲህ ዓይነቱ ሞተር በተለምዶ የሚያዘው ሙቀቱ በ10 ዲግሪ ሲጨምር ንባቡ በግማሽ ይወርዳል የሚለው ነው። ሁሉም ወደ 40 ዲግሪ ተመልሶ ይነጻጸራል፦

```
R40 = RT × 0.5^((40 − T)/10)

T = 18:  96 × 0.218 = 20.9
T = 48:  11 × 1.741 = 19.2
```

21 እና 19፤ ሞተሩ ያው ነው። አይ-ትሪፕል-ኢ 43 የተባለው ደረጃ ከ1 ኪሎቮልት በታች ለሆኑ፣ በክብ ሽቦ ለተጠመጠሙ ሞተሮች በ40 ዲግሪ ቢያንስ 5 ሜጋ ኦም ይላል፤ ከሱም በላይ ነው። ቀመሩ ግምት ስለሆነ ብዙ ዲግሪ ማሻገር ጥሩ አይደለም። ከተቻለ ሁልጊዜ አርፎ ባደረ ሞተር ላይ መለካት ይሻላል። ጉድጓድ ውስጥ ያለው ሞተር በዚህ በኩል ምቹ ነው፤ የከርሰ ምድር ውሃ ሙቀት ክረምት ከበጋ ብዙ ስለማይለዋወጥ ካደረ በኋላ የሚወሰደው ንባብ ያለ ማስተካከያ ይወዳደራል።

ኅዳር 16

ዩ 330፣ ቪ 350፣ ደብሊው 82።

የወራቱ ንባብ በወረቀት ላይ ተነደፈ። በተራ ግራፍ ላይ ሳይሆን የቁመቱ መስመር 1፣ 10፣ 100፣ 1000 እያለ በሚሄድ ወረቀት ላይ ነው፤ ወረቀቱ ከሌለ የንባቡን ሎጋሪዝም አስልቶ መንደፍ ይቻላል። በተራ ግራፍ ከ350 ወደ 190 መውረድ ገደል ይመስላል፣ ከ10 ወደ 2 መውረድ ደግሞ ከነጭራሹ አይታይም። ኢንሱሌሽን ላይ ትርጉም ያለው ስንት ቀነሰ ሳይሆን ስንት እጥፍ ቀነሰ የሚለው ነው። ከጥቅምት እስከ ኅዳር በ28 ቀን ከግማሽ በላይ ወርዷል፣ ከዚያ በፊት በነበሩት 28 ቀናት ግን ሁለት ሦስተኛው ገደማ ቀርቶ ነበር። ቁልቁለቱ እየባሰ ነው።

ሁለት ተጨማሪ ምልክቶች ተወሰዱ። አንደኛው የጊዜው ነው፦ ዩ በ15ኛው ሰከንድ 210፣ በ60ኛው 330 አነበበ፤ ደህና ኢንሱሌሽን ቻርጅ እየጠጣ ስለሚሄድ ንባቡ ከሰከንድ ወደ ሰከንድ ይጨምራል። ደብሊው በ15ኛው 80፣ በ60ኛው 82። አልተንቀሳቀሰም ማለት ይቻላል፤ የሚያልፈው ከረንት ቻርጅ ሳይሆን በቀጥታ የሚፈስ ነው። ሁለተኛው በጥቅሎቹ መካከል የተለካው ነው፦ ኧርዙ ተነስቶ፣ ሜገሩ በደብሊውና በዩ መካከል ሲታሰር ከ400 በላይ አነበበ። ደብሊው ከዩ ጋር አልተቀራረበም፤ የሚፈሰው ወደ ውሃውና ወደ ቱቦው ነው። በሞተሩ ውስጥ የሁለት ጥቅሎች ሽቦ እርስ በርስ ተፋቅቶ ቢሆን ኖሮ ይህም ንባብ አብሮ ይወርድ ነበር። ሞተሩን ነፃ አያወጣውም፤ የሞተሩ ሽቦ ወደ ብረቱ አካልም ሊፈስ ይችላልና። ሚዛኑ ግን ወደ ኬብሉና ወደ ጆይንቱ አዘነበለ።

ፓምፑን በየቀኑ የሚያስነሳው ኦፕሬተር ያነሳው ጥያቄ ተገቢ ነው፦ «ውሃ እየሰጠ ነው፣ አምፔሩም ያው ነው፣ ኦቨርሎዱም አልዘለለ። ምኑን አይታችሁ ነው ይወጣ የምትሉት?»

መልሱ በቁጥር ነው። 82 ሜጋ ኦም በ220 ቮልት ላይ የሚያፈሰው ከረንት ከ3 ሚሊዮንኛ አምፔር አይበልጥም። ኢንሱሌሽኑ ወደ 0.5 ሜጋ ኦም ወርዶም ቢሆን የሚፈሰው ግማሽ ሚሊ አምፔር እንኳ አይሞላም። ኦቨርሎዱ የሚጠብቀው በአሥሮች የሚቆጠር አምፔር ነው። ፓኔሉ ችግሩን የሚያየው ኢንሱሌሽኑ ፈጽሞ ሲበሳ ብቻ ነው፤ ያን ጊዜ ብልጭታው ሽቦውን ያቀልጣል፣ ጉዳቱም ወደ ሞተሩ ሊሻገር ይችላል። በሥራው ላይ የተለመደው መመሪያ ደግሞ ጉድጓድ ውስጥ ያለ አዲስ ሞተር ከነኬብሉ ከ2 ሜጋ ኦም በላይ፣ አገልግሎት ላይ ያለ ደህና ሞተር ከ0.5 በላይ እንዲሆን ነው። ደብሊው በ82 ላይ ሆኖ ለአዲስ ሞተር ከተባለው 41 እጥፍ ነው፣ ያለ ጥርጥር ግን እየተበላሸ ነው። ገደቡ የሚለው መቼ ፓምፑን ማስነሳት እንደማይፈቀድ ነው። ምን እየሆነ እንዳለ የሚያሳየው ከራሱ ያለፈ ንባብና ከጎኑ ካሉት ጥቅሎች ጋር ማስተያየቱ ነው።

ታኅሣሥ 3

ዩ 335፣ ቪ 350፣ ደብሊው 33። ከኅዳሩ ወደ ሁለት አምስተኛው ወርዷል፤ በዚህ አካሄድ በ13 ቀን ገደማ በግማሽ ይቀንሳል ማለት ነው። መስመሩን ወደፊት ብንስበው 0.5 የሚደርሰው ከሁለት ወር ተኩል በኋላ ነው። ያንን ቀን ግን አናምንም። መብራት ሄዶ በመጣ ቁጥር ፓምፑ ይነሳል፤ ሲነሳ ሞተሩ ቱቦውን ይጠመዝዛል። የሳሳ ኢንሱሌሽን በአንድ ማስነሳት ሊበሳ ይችላል።

ከመውጣቱ በፊት ጉዳቱ በየትኛው ጥልቀት እንዳለ ለመገመት የጉድጓዱ ውሃ ራሱ እንደ መለኪያ ተጠቀምንበት። ውሃ ውስጥ ያለ ቀዳዳ ይፈሳል፤ ከውሃ በላይ ያለ ቀዳዳ አይፈስም ወይም በጣም ይቀንሳል። ፓምፑ ሲሠራ ውሃው ከ28 ወደ 46 ሜትር ስለሚወርድ በዚያ መካከል ያለው ኬብል ይራቆታል። ስለዚህ ፓምፑ ረጅም ሰዓት ከሠራ በኋላ ቆሞ፣ ውሃው ተመልሶ ሳይሞላ ከተለካና ከሞላ በኋላ እንደገና ከተለካ ሁለቱ ንባቦች ጉዳቱ በዚያ ክልል ስለመኖሩ ይናገራሉ።

ፓምፑ እንደቆመ ብሬከሩ ተቆለፈ፣ ሽቦዎቹ ተፈቱ። የመጀመሪያው ንባብ ሲወሰድ ውሃው በጥልቀት መለኪያ ሜትር 42 ላይ ነበር፦ ዩ 210፣ ደብሊው 120። ውሃው ተመልሶ 28 ላይ ሲቆም፦ ዩ 290፣ ደብሊው 31። የሁለቱ አቅጣጫ ተቃራኒ መሆኑ ነው ዋናው ነገር። ዩ መጀመሪያ ዝቅ ያለው ሞተሩ ትኩስ ስለነበር ነው፣ ሲቀዘቅዝ ወጣ። ደብሊው ግን ሞተሩ እየቀዘቀዘ ሳለ ወረደ፤ ውሃው ሲደርስበት ማለት ነው። በ120 ላይ የቀረው፣ ወደ 210 ያልደረሰው፣ የተራቆተው ኬብል ገና እርጥብ ስለነበረ ይመስለናል።

እንግዲህ ጉዳቱ ከ28 እስከ 42 ሜትር መካከል ያለ ኬብል ላይ ነው፤ ሞተሩ ያለው 72 ላይ፣ የሞተሩ ጆይንትም እዚያው አጠገብ ነው። የሙከራው ገደብ መጠቀስ አለበት፦ ውሃው በደቂቃዎች ተመልሶ የሚሞላበት ጉድጓድ ላይ ለመለካት ጊዜ አይሰጥም። ከላይ ከግድግዳው ውሃ የሚንጠባጠብበት ጉድጓድም ኬብሉን እርጥብ ስለሚያደርገው አይሆንም። ንባቡ ባይለወጥም ኬብሉ ደህና ነው አይባልም፤ ጉዳቱ ከ46 በታች ሊሆን ይችላልና።

ታኅሣሥ 11

ፓምፑ መነሳት ጀመረ። ውሃው እንደሚቋረጥ ለከተማው ቀድሞ ተነግሯል፤ ሰዉ ከቦኖ በጀሪካን ቀድቶ እንዲያድር። ሥራው የተጀመረው ጠዋት ነው፤ ትሪፖድ፣ ቼን ብሎክ፣ ሁለት የቱቦ ክላምፕ፣ ኬብሉን የሚይዝ አንድ ሰው። ኬብሉ የቱቦው ጠርዝ እንዳይቆርጠው ከጉድጓዱ አፍ ርቆ በዝግታ መጠቅለል አለበት።

ሜገሩ በማንሳቱ ጊዜ ሁሉ ከደብሊው ጋር ታስሮ ነበር፤ ቱቦ በተፈታ ቁጥር ይለካል። ከመነሳቱ በፊት 24። አንድ ቱቦ፣ 6 ሜትር ሲወጣ፣ አሁንም 24። ሁለተኛው ሲወጣ 140፤ ቱቦው ሲፈታ የፈሰሰው ውሃ ተንጠባጥቦ ሲያልቅ 310። ከዚህ በኋላ የቀረው ስሌት ነው። በ6 ሜትር ከፍታ ጉዳቱ ገና ውሃ ውስጥ ነበር፤ ስለዚህ ቦታው ከ28 ሲደመር 6፣ ከ34 ሜትር በታች ነው። በ12 ሜትር ከፍታ ወጥቷል፤ ስለዚህ ከ40 በላይ ነው። ከ34 እስከ 40 ማለት የስድስተኛው ቱቦ መጨረሻና የሰባተኛው መጀመሪያ ነው፤ ሁለቱ የሚገናኙበት ከፕሊንግ 36 ላይ ነው።

ስድስተኛው ቱቦ እንደወጣ ከፕሊንጉ አጠገብ ጉዳቱ በዓይን ታየ። ከሁለቱ ጠፍጣፋ ኬብሎች በአንዱ ዳር ላይ ያለው ሽቦ፣ የደብሊው ጥቅል ሁለተኛ ጫፍ የሆነው ደብሊው 2፣ የውጭ ሽፋኑ በጣት ርዝመት ተፍቆ ነጭ ዱቄት መስሏል፤ በመሃሉ የሽቦው ኢንሱሌሽን የመርፌ ቀዳዳ ያህል ተበስቷል፣ በቀዳዳው ዙሪያ አረንጓዴ የመዳብ ዝገት አለ። ከከፕሊንጉ በላይና በታች መኖር የነበረባቸው ማሰሪያዎች አንዱ ላልቷል፣ ሌላው የለም። ቱቦው በተጠመዘዘ ቁጥር ኬብሉ በከፕሊንጉ ጠርዝ ላይ ሲፋቅ ኖሯል። ጠፍጣፋ ኬብል ሁልጊዜ በዳር በኩል የሚፋቅ ስለሆነ ከሦስቱ ሽቦ መሃለኛው ብዙ ጊዜ ይተርፋል።

የታችኛው ስድስት ቱቦ፣ ፓምፑና ሞተሩ በክላምፕ ተንጠልጥለው ቀሩ። ማውጣቱ አላስፈለገም፤ ግን ለማረጋገጥ ኬብሉ ጉዳቱ ላይ ተቆርጦ ሁለቱ ወገኖች ለየብቻ ተለኩ። ሞተሩ ከነታችኛው ኬብል፣ ሦስቱም ጥቅሎች ከ330 በላይ። የላይኛው ኬብል፣ ደርቆ በመሬት ላይ ተጠቅልሎ፣ ከ2000 በላይ። ኬብል ሲያጥር ንባቡ ይጨምራል፤ ስለዚህ የተለያየ ርዝመት ያላቸውን ኬብሎች ንባብ ሳያመጣጥኑ ማወዳደር አይገባም።

መጠገኑ እንዲህ ነው። ከጉዳቱ ግራና ቀኝ ያለው ኬብል እስከ ንጹሕና ብሩህ መዳብ ድረስ ይቆረጣል። አረንጓዴው ዝገት በመዳቡ ውስጥ ወደፊት ከዘለቀ እዚያም ድረስ መቆረጥ አለበት፤ ውሃ በመዳቡ ክር መካከል ወደ ጎን ይጓዛልና። ሦስቱ ሽቦዎች የሚጋጠሙበት ቦታ እንደ ደረጃ ይለያያል፣ ጎን ለጎን አይሆንም። መዳቡ በማያያዣ ቱቦ በመሣሪያ ይጨመቃል፤ በፒንሳ የተጨመቀ በሙቀት ይላላል። የውጭ ሽፋኑ በአሸዋ ወረቀት ይሻከራል፣ በአልኮል ይጠረጋል። በእያንዳንዱ ሽቦ ላይ ውስጡ ሙጫ ያለበት የሙቀት መጠቅለያ ከመጋጠሚያው በሁለቱም በኩል ቢያንስ 5 ሴንቲሜትር እንዲያልፍ ይደረጋል፣ በሁሉም ላይ ደግሞ አንድ ትልቅ። ሙጫው በሁለቱም ጫፍ ወጥቶ ካልታየ አልተዘጋም። ጆይንቱ በውሃ በርሜል ውስጥ ሌሊቱን አድሮ ተለካ፤ በማግሥቱ ጠዋት ከ1000 በላይ። ወዲያው እንደተሠራ የሚወሰድ ንባብ ደረቅ ጆይንት ስለሆነ የሚናገረው የለም።

ታኅሣሥ 12

ተመለሰ። በየ3 ሜትሩና ከእያንዳንዱ ከፕሊንግ በላይና በታች ማሰሪያ ገባ፤ በከፕሊንጉ ላይ ኬብሉ በጎማ ቁራጭ ተሸፈነ። ማሰሪያው ኬብሉን ይይዘዋል እንጂ አይቆርጠውም፤ ከመጠን በላይ የተጠበቀ ፕላስቲክ ማሰሪያ የራሱ ጉዳት ነው። ጆይንቱ ከከፕሊንጉ ሁለት ሜትር እንዲርቅ ተደርጓል። ቱቦ በወረደ ቁጥር ደብሊው ይለካ ነበር፤ በመውረድ ላይ የወደቀ ንባብ በጉድጓዱ አፍ የተፋቀ ኬብል ማለት ነው፣ ያኔ ለማስተካከል አንድ ቱቦ መመለስ ብቻ ይበቃል። አልወደቀም። ወርዶ ሲያበቃ፦ ዩ 330፣ ቪ 345፣ ደብሊው 335።

ከመነሳቱ በፊት የፌዙ አቀማመጥ ተረጋግጧል፤ ኬብል ከተቆረጠ በኋላ ሁለት ሽቦ ተለዋውጦ መታሰር ቀላል ስሕተት ነው፣ በስታር ዴልታ ደግሞ ሞተሩን ያቃጥላል። የደብሊው 1 እና የደብሊው 2 መያያዝ በኦም ሜትር ተለክቶ ከዩ እና ከቪ ጋር እኩል መሆኑ ታየ።

ጥር 15

ዩ 325፣ ቪ 340፣ ደብሊው 320። በ15ኛውና በ60ኛው ሰከንድ መካከል ሦስቱም ተመሳሳይ ጭማሪ አላቸው። የታኅሣሥ 12 ንባብ አዲሱ መነሻ ሆኖ በካርዱ ላይ ተጽፏል፤ አዲስ ጆይንት ስለገባ የሐምሌው ቁጥር ለደብሊው መመዘኛ መሆኑ አብቅቷል። እስከ ሚያዝያ በየወሩ ይለካል፤ ሦስቱ አብረው ከሄዱ ከዚያ በኋላ በየሁለት ወሩ። መብረቅ ከመታ ወይም ኦቨርሎድ ከዘለለ ግን ቀኑ ሳይጠበቅ፣ ፓምፑ ዳግም ከመነሳቱ በፊት ይለካል። ካርዱ በፓኔሉ በር ውስጠኛ ገጽ ላይ ተለጥፏል፦ ቀን፣ ሰዓት፣ ፓምፑ ካረፈ ስንት ሰዓት፣ የውሃው ልክ፣ የ15 እና የ60 ሰከንድ ንባብ በየጥቅሉ፣ ጋርድ ታስሯል አልታሰረም።